የስልጠናው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአዳማው ፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሀል አንድ ኮሚናል አለ። ኮሚናሎቹ መጀመሪያ የታሰቡት እንጀራ እንዲጋገርባቸው፣ ልብስ እንዲታጠብባቸው፣ ለቅሶና ሰርግ እንዲስተናገድባቸው ነበር፤ አሁን ግን ላይኛው ፎቅ ስብሰባ ሲኖር ስብሰባ፣ ስልጠና ሲኖር ስልጠና ነው። ስልጠና መክፈት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ እዛ ነው፣ የገባኝ ደሞ አበላሽቼው ነው።

የማሰለጥነው የሂሳብ አያያዝ ነው። ሰልጣኞቼ ኦዲተሮች ምናምን አይደሉም፤ ጀበና ቡና የሚያፈሉ፣ ዶሮ የሚያረቡ፣ ብሎኬት የሚያመርቱ፣ እንጀራ ለሆቴል የሚያቀርቡ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን 24 ሰው ተጠርቷል፣ የሁለት ቀን ስልጠና ነው፣ 2:30 ይጀመራል ተብሏል። የክብር እንግዳው እስኪመጣ ጠበቅንና 3:15 ሆነ። እንግዳው 40 ደቂቃ ተናገረ። ከዛ "እስቲ እንተዋወቅ" አልኩና ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢናገር እንኳ 24 ሰው 48 ደቂቃ ይበላል፣ እኔ ይሄን ቀድሜ አላሰላሁትም (የሂሳብ አሰልጣኝ ነኝ ደሞ!)። ቀጥዬ ፍሊፕ ቻርት ላይ "ከስልጠናው ምን ትጠብቃላችሁ?" ብዬ ጻፍኩ፣ "እውቀት ለማግኘት"፣ "ልምድ ለመለዋወጥ"፣ "ክህሎታችንን ለማዳበር" ተባለ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ ሻይ ወጣን። ስንመለስ 5:20 ነው። አንድም ቁጥር ሳንጽፍ ምሳ ሊደርስ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ቀን 9 ሰዓት ላይ፣ ቀሪ ሂሳብ እንዴት ወደ ቀጣዩ ገጽ እንደሚዞር እያሳየሁ፣ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ እናት እጃቸውን አነሱና "ልጄ፣ ብድሩ የሚሰጠን ዛሬ ነው ወይስ ሌላ ቀን እንመጣለን?" አሉኝ። ብድር የሚባል ነገር በስልጠናው ውስጥ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ቤቱ ጸጥ አለ። ዞር ብዬ ሳይ መልሱን የሚጠብቁት እሳቸው ብቻ አይደሉም፣ ግማሹ ቤት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ደብተር ላይ ሲጽፉልኝ የነበሩት የብድር ቅድመ ሁኔታ እያሟሉ መስሏቸው ነው።

ግድግዳው ላይ "እውቀት ለማግኘት" የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

እንግዲህ የማወራው ስለዚች የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው መክፈቻ ማለት ወግ ማድረስ ይመስለዋል፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ተብሎ፣ ተጨብጭቦ ወደ ዋናው የሚታለፍበት። እኔ አሁን የማየው እንደ ውል ነው። አንድ ትልቅ ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ ልጁን ለጎረቤት ሰጥቶ አዳራሽ ሲገባ ጭንቅላቱ ውስጥ ጥያቄ ይዞ ነው የሚገባው፦ ለምንድነው የጠሩኝ፣ ምን ይዤ ነው የምሄደው፣ ስንት ሰዓት ይለቁኛል፣ የትራንስፖርቱስ ነገር? እነዚህ እስኪመለሱ ድረስ የምትሉትን ይሰማል ግን አይገባውም። ስለ አዋቂዎች ትምህርት ብዙ የጻፈው አሜሪካዊው ማልኮልም ኖውልስም የሚለው ይሄንኑ ነው፤ አዋቂ ሰው አንድን ነገር ከመማሩ በፊት ለምን እንደሚያስፈልገው ማወቅ ይፈልጋል። ልጅን "ዝም ብለህ ያዝ፣ በኋላ ይጠቅምሃል" ትሉታላችሁ፣ የ50 ዓመት ባለ ሱቅ ግን እንደዛ አይሆንላችሁም።

ከብልሽቱ ብዙም ሳይቆይ እዛው አዳራሽ ሌላ 24 ሰው ተሰጠኝ፣ ማክሰኞና ረቡዕ። ምን እንደቀየርኩ በዝርዝር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የመጠበቂያውን ሰዓት ነው የቀየርኩት። ዳር ከተማ ላይ 2:30 ብላችሁ 24 ሰው 2:30 ላይ አታገኙም፣ ንቀት አይደለም፣ ከኮዬ ፈጬ የሚመጣው ታክሲ ጠብቆ ነው፣ ዶሮ ያላት መግባ ነው። ሰው እስኪሞላ ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ በሰዓቱ የመጣውን ሰው ቀጣችሁት ማለት ነው፣ ነገ እሱም ያረፍዳል። ዋናውን ነገር ከጀመራችሁት ደሞ ያረፈደው ያመልጠዋል፣ እንደገና ትደግሙታላችሁ። ስለዚህ ያደረግኩት፣ አንድ ትልቅ ወረቀት በሩ አጠገብ ለጠፍኩና ላዩ ላይ አራት ስዕል ሳልኩ፦ ደብተር፣ ስልክ፣ የሰው ጭንቅላት፣ እና ባዶ ክብ። ጥያቄው "የትናንቱን ሽያጭ የት አስቀመጡት?" ነው። የገባ ሰው ሁሉ ማርከር አንስቶ ከአንዱ ስዕል ስር አንድ መስመር ያሰምራል፣ ባዶው ክብ "የትም" ማለት ነው። መጻፍ የማይችል ሰው አይሳቀቅም፣ ያረፈደም መጥቶ ያሰምራል፣ ቀድሞ የመጣው ደሞ ቆሞ የሌላውን እያየ ይስቃል። አንዷ "ባሌ ጭንቅላት ውስጥ ቢሆንስ የት ላስምር?" ብላ አዳራሹን አሳቀችው፣ እኔ ሳልከፍተው ተከፈተ በቃ። 2:45 ላይ ስቆጥር ከጭንቅላቱ ስር 15፣ ከደብተሩ ስር አምስት፣ ከስልኩ ሦስት፣ ከባዶው ክብ አንድ። ይቺን ወረቀት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። "ትናንት ስንት ሸጣችሁ?" ብላችሁ በፍጹም አትጠይቁ። ሰው ገቢውን በአደባባይ አይናገርም፣ ግብር አለ፣ ጎረቤት ተፎካካሪ አለ፣ ዓይንም አለ። ከጠየቃችሁ ወይ ይዋሻል ወይ ዝም ይላል፣ በዋሸው ቁጥር ላይ ተመስርታችሁ ሁለት ቀን ታስተምራላችሁ።

ምዝገባው ላይ ሁለት ነገር ነው የምናደርገው። አንዱ የስም ካርድ ነው፤ ኤ4 ወረቀት ሦስት ቦታ ታጥፎ እንደ ድንኳን ይቆማል፣ በወፍራም ማርከር በሁለቱም ጎን ይጻፋል፣ ምክንያቱም በአንድ ጎን ብቻ ከተጻፈ ከኋላ የተቀመጠው አያየውም። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ባለቤቱ "እንዲህ ብላችሁ ጥሩኝ" ያለው ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን አይደለም፣ እኔ 30 ዓመት አልሞላኝም፣ ፊቴ የተቀመጡት እናቴን የሚያካክሉ አሉ፣ አንቺ ልበል እርስዎ ልበል፣ እማማ ብላቸው "አሮጊት አደረግከኝ" የምትል አለች፣ ስሟን ብቻ ብጠራ ደሞ ባለጌ የምባልባት አለች። ካርዱ ላይ ወይዘሮ ብላ ያስጻፈችውን ወይዘሮ እላለሁ፣ እትዬ ያስጻፈችውን እትዬ። ክርክሩ እዛው አለቀ። ሁለተኛው የስልክ ቁጥር ነው። ትራንስፖርቱ በቴሌብር ስለሚገባ ቁጥሩን ከጻፍን በኋላ መልሰን እናነብላቸዋለን፣ በማን ስም እንደወጣም እንጠይቃለን፤ የባሏን ቁጥር የምትሰጥ ብዙ ናት፣ ብሩ እዛ ከገባ በኋላ ለሷ መድረሱን እኔ ላረጋግጥ አልችልም።

እንግዳውን በተመለከተ፣ እንግዳ አይጋበዝ ልል አልችልም፣ አዳራሹን የፈቀደው መስሪያ ቤት ኃላፊ መጥቶ ቃል ካላሰማ ነገሩ እንደተናቀ ይቆጠራል። ግን ባለፈው የብድሩ ወሬ ከየት እንደመጣ ሳጣራ ያገኘሁት እዚህ ነበር፣ በዛ የ40 ደቂቃ ንግግር መሀል "ከስልጠናው በኋላ የብድርና የሼድ ጉዳይ የሚመቻችበት ሁኔታ ይኖራል" ተብሏል። የተናገረው ሰው ተጨብጭቦለት፣ ፎቶ ተነስቶ ሄደ፣ እዳው ለኔ ቀረ። በዚህኛው ዙር ለሚመጣው ኃላፊ አንድ ቀን ቀድሜ ደወልኩና በግልጽ ነገርኩት፦ አምስት ደቂቃ አለዎት፣ ስልጠናው ይሄንና ይሄን ብቻ ነው የሚያስተምረው፣ ብድር የለውም፣ ስለዚህ ብድር የሚል ቃል ባይነሳ ይሻላል። ተቀየመ ብላችሁ ነው? እንዲያውም ደስ አለው፣ ብዙ ኃላፊ ረጅም የሚናገረው ምን እንደሚል ስላልተነገረው ነው።

ተነግሮትም ቃል ቢገባስ? ይገባል፣ አንዳንዴ። ያኔ ማረሚያው እሱ ገና ከመቀመጫው ሳይነሳ ነው፣ ከሄደ በኋላ ሳይሆን። "ክቡር ኃላፊያችን ያነሱት ወደፊት የታሰበውን ነው፤ በዚህ ስልጠና ግን ብድር እንደማይሰጥ ከአሁኑ እንድታውቁት፣ ልክ ነኝ አይደል?" ትሉና ወደሱ ትዞራላችሁ። ፊት ለፊት "ልክ ነው" ካለ ሰልጣኙ የሰማው ከሁለታችሁም ነው፣ ነገ አንዳችሁን ጠቅሶ ሌላኛችሁን አይከስም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ አፍ መክፈቻው። ቃል በቃል የምለውን ልጻፍላችሁ፣ አራት ደቂቃ አይሞላም፦

"እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባጋ ነጋን ዱፍተን። ስሜ ካርዱ ላይ አለ፣ እኔ የናንተን ካርድ እያየሁ ነው የምጠራችሁ። ዛሬና ነገ አብረን ነን፣ የምንሰራው አንድ ነገር ነው፣ የሱቃችሁን ገቢና ወጪ ደብተር ላይ ማስፈር። ዛሬ 10:30 ላይ እንለቃለን፣ ነገም 10:30፣ አንድ ደቂቃ አናሳልፍም፣ ታክሲ አለባችሁ። ሻይ 4:30፣ ምሳ 6:30፣ ሶላት ያለው የምሳው ሰዓት ይበቃዋል፣ ጀርባ ያለችው ክፍል ተጠርጋለች። ነገ ረቡዕ ስለሆነ ምሳው የጾምም የፍስክም አለ። ሽንት ቤት በዚህ በር ወጥቶ ወደ ግራ፣ ውሃ ከሌለ በርሜል ተሞልቷል። አበል የለም። የትራንስፖርት 200 ብር በየቀኑ አለ፣ የሁለቱም ቀን ነገ 10 ሰዓት ላይ በቴሌብር ይገባል፣ ካልገባላችሁ ከኔ ጋር ሳትነጋገሩ ከዚህ እንዳትወጡ። ብድር የለም፣ ሼድ የለም፣ የብድር ምዝገባም አይደለም። ስልክ ሳይለንት፣ ሲደወል ውጭ ወጥታችሁ አውሩ፣ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።"

ይሄን ሳነብ ራሴም ትንሽ ደረቅ ይመስለኛል፣ ግን ሆን ብዬ ነው። የገንዘቡን ነገር ሰው "ነውር ነው፣ መጀመሪያ አይነሳም" ብሎ ወደ መጨረሻ ያቆየዋል፣ ያን ጊዜ ሁሉ ግን ሰልጣኙ ለጎን ጓደኛው በሹክሹክታ የሚጠይቀው እሱን ነው። ስንት፣ መቼ፣ በምን መንገድ፤ ሦስቱም ከተነገሩ ወሬው ይቆማል። "አበል የለም" ስትሉም "በጀት ስለሌለ፣ ወደፊት ግን..." እያላችሁ አታልሳልሱት፣ ከዛ አረፍተ ነገር ውስጥ ሰው የሚሰማው "ወደፊት ግን" የሚለውን ብቻ ነው።

"ባጋ ነጋን ዱፍተን" ያልኩት ለማሳመር አይደለም። እዚህ አካባቢ ከመንደሩ ነባር ሰዎች መሀል አማርኛ እየሰማ የሚያስበው ግን በኦሮምኛ የሆነ ብዙ ነው። ከሰላምታው ቀጥዬ "በኦሮምኛ ቢብራራለት የሚመርጥ?" እልና ሁለቱንም ቋንቋ ከሚችል ሰው አጠገብ አስቀምጣለሁ። የጠየቅኩት ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ዝም ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ውሎ ይሄድ ነበር።

ስለ ደንብ አንድ ነገር ልበል። ደንቡን ሰልጣኞች ራሳቸው ያውጡ የሚል ልማድ አለ፣ ፍሊፕ ቻርት ይዘጋጅና 15 ደቂቃ ይጠፋል፣ የሚወጣው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ስልክ ማጥፋት፣ ሰዓት ማክበር፣ መከባበር። እኔ የስልኩንና የሰዓቱን ራሴ እናገርና "የጎደለ ካለ ጨምሩ" እላለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይጨምራል፣ አለቀ። ያረፈደ ይዝፈን፣ ያረፈደ ይጨፍር የሚለውን ቅጣት ግን ተውት እባካችሁ። ለወጣቶች ጨዋታ ሊሆን ይችላል፣ የ55 ዓመት እናት ቆመው "ዝፈኑ" ሲባሉ ያየሁት ነገር ግን እስካሁን ያሳፍረኛል፣ ከሰዓት በኋላ አልተመለሱም።

መተዋወቁን ከ48 ደቂቃ ወደ 12 ደቂቃ ያወረድኩት ማይኩን በመተው ነው። ለያንዳንዱ 30 ሰከንድ፣ ስምና የሚሸጡት ነገር፣ ሌላ የለም፣ የስንት ልጅ እናት፣ የየት ሀገር ተወላጅ፣ በሻይ ሰዓት ይደርሳል። የመጀመሪያው ተናጋሪ እኔ ነኝ፣ በትክክል 30 ሰከንድ፣ ምክንያቱም ሌላው የሚናገረው የመጀመሪያው የተናገረውን ያህል ነው። እኔ ስለ ዲግሪዬ ሦስት ደቂቃ ካወራሁ እነሱም ሦስት ደቂቃ ያወራሉ፣ ዲግሪ የሌለው ደሞ ይሸማቀቃል።

ቀጥሎ ግቡ። መጀመሪያ ጊዜ ስላይዴ ላይ የነበረው "ሰልጣኞች የሂሳብ አያያዝን ጽንሰ ሀሳብ ይረዳሉ" ነበር። መረዳት አይታይም፣ ማን እንደተረዳ እንዴት አውቃለሁ? ሮበርት ሜገር የሚባል አሜሪካዊ በ1960ዎቹ (በፈረንጆቹ) ያስተማረው ነገር አለ፣ የስልጠና ግብ ሲጻፍ ሦስት ነገር ይኑረው ይላል፤ ሰልጣኙ ምን እንደሚሰራ፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ያህል ሲሰራው በቂ እንደሚባል። በዛ ሚዛን የኔ ግብ እንዲህ ሆነ፦ "ነገ 9:30 ላይ የአንድ ሳምንት ደረሰኝና የተቀዳደደ ወረቀት እሰጣችኋለሁ፤ እናንተ ደብተራችሁ ላይ ገቢና ወጪውን ለይታችሁ ጽፋችሁ እጃችሁ ላይ ስንት ብር መቅረት እንዳለበት ትነግሩኛላችሁ፣ አንድ ብር ሳይዛነፍ።" ይሄን ስል በሩ አጠገብ ያለውን ወረቀት አምጥቼ ፊት ለፊት ለጠፍኩትና ከጭንቅላቱ ስር ያሉትን 15 መስመሮች አሳየሁ። "እነዚህን ወደ ደብተሩ ማዞር ነው ስራችን።" የፈጀው ሦስት ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ "ምን ትጠብቃላችሁ" ጥያቄ። ባለፈው ባዶ መልስ የመጣው ሰዎቹ ሀሳብ ስለሌላቸው አይደለም። ገና ምን እንደሚቀርብ ሳያውቁ ነው የጠየቅኳቸው፣ ሜኑ ሳላሳይ ምን ትበላላችሁ እንደማለት ነው፣ እንግዳ ሰው ደሞ ያገኘሁትን እበላለሁ ይላል። በዛ ላይ በ24 ሰው ፊት የሚጠየቅ ሰው የሚመልሰው አሰልጣኙን ደስ ያሰኛል ብሎ ያሰበውን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፣ መጀመሪያ ግቡንና ሰዓቱን ይሰማሉ፣ ከዛ ጥያቄው ይመጣል፣ ጥያቄውም ሌላ ነው፦ "ነገ ማታ ቤት ስትገቡ የቱን ነገር ሳታውቁት ብትቀሩ ነው 'ሁለት ቀን አቃጠልኩ' የምትሉት?" በዚህ ጥያቄ "ልምድ ለመለዋወጥ" ብሎ መመለስ ይከብዳል።

ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፣ የኤ4 ሩብ፣ ግን ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሰሩት፣ አንዱ ይናገራል አንዱ ይጽፋል፣ ከዛ ይቀያየራሉ፣ ወይም አይቀያየሩም፣ ራሱ አንዱ ለሁለቱም ይጽፋል። ለምን መሰላችሁ፣ ድሮ ለየብቻ ስሰጥ ሁልጊዜ መነጽራቸውን የረሱ ሰዎች ነበሩ። "መነጽሬን ቤት ትቼው"፣ "ዓይኔ ዛሬ አላይ አለኝ"። መጀመሪያ አምኜ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፣ አንዲት ሴትዮ መነጽሬን ረስቻለሁ ብላኝ በሻይ ሰዓት ከሩቅ የመጣ ሚስኮል ቁጥር ሳትቸገር ስታነብ አየኋት፤ ቁጥር ታውቃለች፣ ፊደል ነው የማታውቀው። ቁጥር ማወቋ ለኔ ስልጠና ከበቂ በላይ ነበር፣ እኔ ግን በር ላይ በወረቀት ልመልሳት ነበር።

24 ወረቀት ተሰበሰበ። ስም አይጻፍበትም። ቆሜ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ግድግዳው ላይ ሦስት ቦታ ለጠፍኩ። 13ቱ በተለያየ ቃል የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ የቤቱ ብርና የስራው ብር እየተቀላቀለ መጥፋቱ፤ አንዱ ወረቀት "ልጄ ከመሳቢያው ይወስዳል፣ እኔም እወስዳለሁ፣ ማታ ማን እንደወሰደ አናውቅም" ይላል። እነዚህን "እንሰራዋለን" የሚለው ስር ለጠፍኩና ሰዓቱን ጻፍኩበት፣ ዛሬ 5 ሰዓት። አራቱ ዱቤ ነበሩ፣ የሸጥኩትን ሰው አልከፈለኝም፣ እንዴት ልመዝግብ። ዱቤን መመዝገብ እናያለን፣ ሰውየውን ማስከፈል ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ ስለዚህ "በከፊል"፣ ነገ 3 ሰዓት። ሦስቱ ስለ ግብር ነው። እኔ የግብር ባለሙያ አይደለሁም፣ ሰው የኔን ግምት ይዞ ሄዶ ቢቀጣ ተጠያቂው ማነው? ሦስተኛው ቦታ፣ "እዚህ የለም" የሚለው ስር ገቡ፣ አጠገባቸው "የወረዳ ገቢዎች ሄደው ይጠይቁ" ብዬ ጻፍኩ።

የቀሩት አራቱ ብድር ናቸው። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ በፊት አፌን ሞልቼ "ብድር የለም" ብያለሁ፣ አራት ሰው ግን አሁንም ብድር ብሎ ጽፏል! መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዛ ግን ወረቀቱ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ገባኝ። ሰው ለሳምንታት ይዞት የቆየውን ተስፋ በአንድ አረፍተ ነገር አይጥልም፣ መናገር አንድ ነገር ነው፣ መሰማቱን ማየት ሌላ። እነዚህን አራቱን አነበብኩና ቆም አልኩ። "ይሄ አስፈላጊ ጥያቄ ነው፣ ግን እዚህ የለም። እኔ ብድር የምሰጥም፣ የማስመዘግብም፣ ለማንም ስም የማስተላልፍም አይደለሁም። ደብተራችሁን ብታሳምሩም ብድር ይሰጣችኋል ብዬ ቃል አልገባም፣ አበዳሪ ተቋም ሄዳችሁ መስፈርቱን ራሳችሁ ጠይቁ። ለብድር ብቻ የመጣ ሰው ካለ አሁን መሄድ ይችላል፣ አልቀየምም፣ የዛሬው ትራንስፖርት ይገባለታል።" የመጨረሻዋ ነገር ወሳኝ ናት፤ ገንዘቡ እንዳይቀርበት ፈርቶ ብቻ የሚቀመጥ ሰው ሁለት ቀን ቢቀመጥ ለማንም አይጠቅምም። የሱን የአንድ ቀን ትራንስፖርት መክፈል ለኔ ርካሽ ነው።

አንድ ብሎኬት የሚያመርት ሰውዬ ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጨብጦኝ ወጣ። ድፍረቱን ሳላደንቅ አላለፍኩም። ሌሎቹ ተቀመጡ።

መክፈቻው መስራቱን የማይበት ሁለት መንገድ አለኝ። አንደኛው ያረፈደ ሰው ነው። 3:20 አካባቢ ከ24ቱ ሌላ አንዲት ልጅ እያለከለከች ገባች፤ እኔ አልነገርኳትም፣ አጠገቧ የተቀመጡትን አባት "እስቲ ምን እንደምንሰራ ይንገሯት" አልኳቸው። "የቤትና የሱቅ ብር እንለያለን፣ ነገ ወረቀት ይሰጠንና ቀሪውን እንናገራለን፣ ብድር የለም፣ 10:30 እንሄዳለን" አሏት፣ በቃ፣ ከኔ ይሻላል። "ስለ ሂሳብ ነው" ብቻ ቢሏት ኖሮ ደግሜ ማስረዳት ነበረብኝ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሻይ ነው። ብርጭቆዬን ይዤ ከሰው መሀል እቆማለሁ፣ አላወራም። የሚወራው ስንት ሰዓት እንለቃለን፣ ብሩ መቼ ነው ከሆነ መክፈቻዬ ከሽፏል፣ ሻይ እንዳለቀ ወደ ትምህርቱ ሳልገባ እደግመዋለሁ። የሚወራው ስለ መሳቢያና ስለ ልጆቻቸው ከሆነ ተሳክቷል።

ይሄ ሁሉ ሲደመር 34 ደቂቃ ነው የወሰደው፤ ሰላምታውና የቤት ጉዳዩ አራት፣ እንግዳው አምስት፣ መተዋወቁ 12፣ ግቡ ሦስት፣ ወረቀቱ አስር። 2:45 ጀምረን 3:19 ላይ ደብተር ተከፈተ። ሰው ከ40 በላይ ከሆነ ግን ይሄ አካሄድ አይሰራም፤ መተዋወቁ ብቻ ከ20 ደቂቃ ያልፋል፣ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ማንበብም ሰውን ያስተኛል። ያኔ መተዋወቁን በየጠረጴዛው ብቻ አድርጉት፣ ወረቀቱን ደሞ በሻይ ሰዓት ለብቻችሁ ለዩትና ከሻይ በኋላ ውጤቱን ብቻ ንገሩ። የግማሽ ቀን ስልጠና ከሆነም ወረቀቱን ተዉት፣ በቃል ሦስት ሰው ጠይቃችሁ እለፉ።

በሁለተኛው ቀን 10 ሰዓት ላይ፣ ቴሌብሩ እየገባ ስልኮች እየጮሁ፣ ወደ ግድግዳው ሄድኩና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ "ሰርተናል አልሰራንም?" እያልኩ አወረድኩ። ከ13ቱ 11ዱ "ሰርተናል" ተባሉ። በሁለቱ ላይ ክርክር ተነሳ፣ አንደኛው የመሳቢያው ነው። "መዝገቡን አውቀናል፣ ልጁ ግን አሁንም ይወስዳል" አለች የወረቀቷ ባለቤት፣ ማን እንደጻፈቻት ያኔ አወቅን። እሷን ወረቀት አላወረድኳትም፣ ከግብሩና ከብድሩ ጋር ግድግዳው ላይ ተውኳት። ማታ አዳራሹን የሚጠርጉት ዘበኛ ናቸው የገነጠሏት።